አዲስ ተመልካችና የጋራ ተመልካች፤ የእንግዳ ዝግጅት ዋጋ እንዴት ይቆጠራል?

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በቦኖሻ ከተሞች ሱቅ ያለው ነጋዴ ዕቃውን ለማስታወቅ ከሱቁ ደጃፍ ላይ በሚጻፍ ሰሌዳ ብቻ የሚወሰንበት ጊዜ አልፏል። ዛሬ ብዙዎች በዩቲዩብና በቴሌግራም የራሳቸውን ቻናል ከፍተው የገባላቸውን ዕቃ ያሳያሉ፤ ዋጋውን ይናገራሉ፤ አጠቃቀሙን ያስረዳሉ። የቻናሉ ተመልካች ቁጥር አልጨምር ሲልም ስሙ በታወቀ ሰው ዝግጅት ላይ በእንግድነት መቅረብ፣ ወይም የታወቀውን ሰው ወደ ራስ ዝግጅት መጋበዝ የተለመደ መፍትሔ ሆኗል። ለዚህም ገንዘብ ይከፈላል። ዳሩ ግን ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ምን እንደተገዛበት መርምሮ የሚያውቀው ነጋዴ ጥቂት ነው።

ብዙውን ጊዜ ለሂሳቡ ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው የዕይታው ብዛት ነው። አዘጋጁ «ዝግጅቱ ሠላሳ ሺህ ጊዜ ታይቷል» ይላል፤ ነጋዴውም ቁጥሩ ትልቅ መሆኑን አይቶ ይከፍላል። ነገር ግን ሠላሳ ሺህ ዕይታ ሠላሳ ሺህ ሰው ማለት አይደለም። አንድ ሰው አምስት ጊዜ ቢያየው አምስት ዕይታ ይመዘገባል። ከተመልካቾቹም መካከል ሱቁን ቀድሞ የሚያውቅ፣ ባለሱቁንም ከነስሙ የሚጠራ ደንበኛ ሊኖር ይችላል። ለእንዲህ ያለው ደንበኛ ገንዘብ መክፈል በኪስ ያለን ብር እንደገና እንደ መግዛት ይቆጠራል። ስለዚህ ሊቆጠር የሚገባው ሦስት ነገር ነው፤ አንደኛው ሁለቱ ቻናሎች አስቀድሞ በጋራ የሚያዩአቸው ስንት ሰዎች እንደ ነበሩ፣ ሁለተኛው በእንግዳው ምክንያት የመጡት አዲስ ተመልካቾች ስንት እንደሆኑ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከመጡት ውስጥ የቀሩት ስንት እንደሆኑ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ያህል በሆሳዕና የቤት ዕቃ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ እንበል። የሚከተሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የታሰቡ እንጂ ከማንም መዝገብ የተወሰዱ አይደሉም። የነጋዴው ቻናል በ28 ቀን ውስጥ 2,400 ተመልካቾች አሉት፤ ከእነርሱም 1,600ዎቹ ተመላልሰው የሚያዩ፣ 800ዎቹ አዲስ ናቸው። ይህ ነጋዴ በዱራሜ ከሚገኝ፣ 6,000 ተመልካቾች ካሉት የቀልድና የቤተሰብ ዝግጅት ጋር ለመሥራት አስቧል።

መጀመሪያ የጋራ ተመልካቹ ይገመታል። ዩቲዩብ የተመልካቹን ስም ለማንም አይሰጥም፤ ስለዚህ ሁለቱ ባለቤቶች መዝገብ ለመዝገብ ሊያመሳክሩ አይችሉም። በስታቲስቲክሱ ገጽ ላይ `Channels your audience watches` የሚል ዝርዝር በቂ ተመልካች ላለው ቻናል ይታያል፤ ይኸውም የነጋዴው ተመልካቾች ሌላ የትኞቹን ቻናሎች እንደሚያዩ ይጠቁማል። ነገር ግን ስንቶቹ እንደሚያዩ አይናገርም። ቁጥሩን ለማግኘት የሚቀረው መንገድ መጠየቅ ነው። ነጋዴው ቻናሉን የሚያዩ አንድ መቶ ሰዎች «የዱራሜውን ዝግጅት ባለፈው ወር አይታችኋል?» ብሎ ይጠይቃል። ሃያ አምስቱ «አዎን» ቢሉ፣ ከ2,400ው ተመልካች አንድ አራተኛው፣ ማለት 600 ያህሉ፣ የጋራ ናቸው ማለት ነው። ከዱራሜው 6,000 ተመልካች ላይ እነዚህ 600 ሲቀነሱ 5,400 ይቀራል። ነጋዴው በዚህ ስምምነት ሊያገኘው የሚችለው አዲስ ሰው ከዚህ ጣሪያ አያልፍም።

ይህ ግምት ስሕተት እንዳለበት የሚታወቅበት ቀላል ዘዴ አለ። የዱራሜው አዘጋጅ ደግሞ በበኩሉ ከራሱ ተመልካቾች አንድ መቶውን «የሆሳዕናውን ሱቅ ቻናል ታያላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። የጋራዎቹ 600 ከሆኑ፣ ከ6,000 ውስጥ አሥር በመቶ ናቸውና ከመቶው አሥር ያህሉ «አዎን» ሊሉ ይገባል። መልሱ ስምንት ወይም አሥራ ሦስት ቢሆን አያስደንቅም፤ በመቶ ሰው ብቻ የተደረገ ጥያቄ ይህን ያህል ሊወዛወዝ ይችላል። መልሱ ሠላሳ ከሆነ ግን ከሁለቱ ጥያቄዎች አንዱ ተዛብቷል። ብዙ ጊዜ የሚዛባው የተጠየቁት ሰዎች ሁሉ የቅርብ ወዳጆች ወይም በየዕለቱ ሱቅ የሚመጡ ሰዎች ብቻ ሲሆኑ ነው።

በዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው አንድ ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር ጉድሃርትና ኤረንበርግ የተባሉ ሊቃውንት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የቴሌቪዥን ተመልካቾችን መርምረው፣ አንዱን ዝግጅት ከሚያዩ ሰዎች ውስጥ ሌላውንም የሚያዩት ብዛት በአመዛኙ የሌላውን ዝግጅት ትልቅነት ተከትሎ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ትርጉሙ ለነጋዴ ግልጽ ነው። እንግዳው ስሙ እየገነነ በሄደ ቁጥር የነጋዴው የቀድሞ ደንበኛም እርሱን ቀድሞ የሚያየው የመሆኑ ዕድል ይጨምራል። አገር ሁሉ የሚያውቀውን ሰው መጋበዝ ብዙ ዕይታ ማምጣቱ አይካድም፤ ነገር ግን ከዕይታው ውስጥ ብዙው የራስ ደንበኛ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ሥራ አዲሶቹን መቁጠር ነው። በዩቲዩብ ስታቲስቲክስ የተመልካቾች ክፍል ውስጥ `New viewers` የሚል መስመር አለ፤ ይኸውም በተመረጠው ጊዜ ውስጥ ቻናሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩትን ይቆጥራል። ነጋዴው ከዝግጅቱ በፊት የነበሩትን ስምንት ሳምንታት በየሳምንቱ ጽፎ ያስቀምጣል። በየሳምንቱ 190፣ 210፣ 205፣ 195 እያለ የሚመላለስ ከሆነ፣ ያለ ምንም እንግዳ በሳምንት 200 አዲስ ሰው እንደሚመጣ ያውቃል። ዝግጅቱ የወጣበት ሳምንት 1,100፣ ተከታዮቹ ሳምንታት 400፣ 230ና 210 ቢመዘገቡ፣ በአራቱ ሳምንታት የመጡት 1,940 ናቸው። ዝግጅቱ ባይኖርም የሚመጡት 800 ስለሆኑ ብልጫው 1,140 ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ አገር ቆጠራው እዚህ ላይ ቢቆም ነጋዴው ይሳሳታል። ብዙ ነጋዴ እንግዳ የሚጋብዘው ለመስከረም ገበያ ነው። በዚያ ወር መስቀል አለ፤ የሀዲያ ሕዝብ ያሆዴን፣ የከምባታም ሕዝብ መሳላን ያከብራል። በአዲስ አበባና በሌላ ከተማ የሚሠራው ሁሉ ወደ ወላጆቹ ቤት ይመለሳል፤ ልብስና የቤት ዕቃ ይገዛል፤ በስልኩም የአገሩን ዝግጅት ይፈልጋል። እንግዳ ባይኖርም አዲስ ተመልካች በእነዚያ ሳምንታት ይጨምራል። ስለሆነም ነጋዴው ያለፈውን ዓመት መስከረም ከፍቶ ይመለከታል። በዚያን ጊዜ በሁለቱ የበዓል ሳምንታት ቁጥሩ ከተለመደው በግማሽ ጨምሮ ከነበረ፣ የዘንድሮም መነሻ 300፣ 300፣ 200ና 200፣ በጠቅላላው 1,000 ሊሆን ይገባል። እንግዲህ ከ1,940 ላይ 1,000 ሲቀነስ 940 ይቀራል። የእንግዳው ሥራ ተብሎ ሊቆጠር የሚገባው ይህ ነው። ያለፈው ዓመት መዝገብ የሌለው ነጋዴ ደግሞ የመጀመሪያውን ፈተና በመስከረም ባያደርገው ይሻለዋል፤ በዓሉ ያመጣውንና እንግዳው ያመጣውን የሚለይበት መንገድ አይኖረውምና።

ብልጫው በእርግጥ ከእንግዳው የመጣ መሆኑን የሚያጣራ ሌላ ምስክር አለ። ስታቲስቲክሱ ተመልካቹ ከየት እንደ መጣ ሲዘረዝር፣ `Suggested videos` በሚለው ሥር ሰዎቹን የላኩትን ቪዲዮዎች በስም ያሳያል። የዱራሜው ቪዲዮ በዚያ ዝርዝር ከላይ ከታየ ቆጠራው ይደገፋል። ጨርሶ ካልታየና አዲሶቹ በፍለጋ ወይም በሌላ መንገድ መጥተው ከሆነ ግን ነጋዴው ስለ ብልጫው ምክንያት ደግሞ ማሰብ አለበት። እዚህ ላይ የመሣሪያውም ጉድለት መታወቅ ይገባዋል። አንድ ሰው ስልክ ቢቀይር ወይም የታየውን መዝገብ ቢያጠፋ እንደ አዲስ ሊቆጠር ይችላል። በአንጻሩ ደግሞ አንድን ስልክ ከበው አምስት ሰዎች ቢያዩ የሚቆጠረው አንድ ነው። እነዚህ ጉድለቶች ከዝግጅቱ በፊትም በኋላም ስላሉ፣ ልዩነቱን ብዙም አያበላሹትም፤ ነገር ግን 940ውን እንደ ቆጠራ ቤት ቁጥር አድርጎ መያዝ አይገባም።

ሦስተኛው ሥራ የቀሩትን ማወቅ ነው። በመጀመሪያው 28 ቀን የመጣ አዲስ ተመልካች በዚያው ጊዜ ውስጥ አሥር ጊዜ ቢመለስም የሚመዘገበው በአዲስነቱ ነው። ስለዚህ መቅረቱ የሚታወቀው በሁለተኛው 28 ቀን፣ ተመላላሽ ከሚባሉት ጋር ሲቆጠር ነው። የተመላላሾቹ ቁጥር ከ1,600 ወደ 1,694 ቢያድግ፣ የቀሩት 94 ያህል ናቸው፤ ከመጡት ከአሥሩ አንዱ ማለት ነው። ይህም የሚታመነው ቀደም ሲል ቁጥሩ ከወር ወር በ20 ወይም በ30 ብቻ ይለዋወጥ ከነበረ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ወር 1,400፣ ሌላ ወር 1,800 ሆኖ ከነበረ የ94 ልዩነት ምንም አይመሰክርም።

አሁን ይኸው ነጋዴ የበዓል ግርግር በሌለበት በየካቲት ወር ሁለተኛ እንግዳ ጋበዘ እንበል። ይህኛው በሾኔ የሚዘጋጅ፣ ስለ እርሻና ስለ ቤት አያያዝ በሀዲይሳ የሚናገር፣ 3,000 ተመልካች ያለው አነስ ያለ ቻናል ነው። ከነጋዴው መቶ ተመልካቾች ሃምሳዎቹ ይህን ቻናል ያዩታል፤ ስለዚህ የጋራዎቹ 1,200፣ አዲስ ሊሆኑ የሚችሉት 1,800 ብቻ ናቸው። በተመሳሳይ ስሌት የመጡት አዲሶች 400፣ የቀሩት 160 ሆኑ።

ዋጋቸውን ጎን ለጎን ማስተያየት ይገባል። የዱራሜው ዝግጅት 9,400 ብር ተከፍሎበት 31,000 ዕይታ አገኘ፤ ለአንድ ዕይታ 30 ሳንቲም ያህል ማለት ነው። የሾኔው 8,000 ብር ተከፍሎበት 10,000 ዕይታ አገኘ፤ ለአንድ ዕይታ 80 ሳንቲም። በዕይታ የሚያስብ ነጋዴ የሾኔውን ውድ ነው ብሎ ይተወዋል። በአዲስ ተመልካች ሲቆጠርም የዱራሜው ለአንድ ሰው 10 ብር፣ የሾኔው 20 ብር ነው፤ አሁንም የዱራሜው ርካሽ ይመስላል። በቀረው ሰው ሲቆጠር ግን የዱራሜው ለአንድ ሰው 100 ብር፣ የሾኔው 50 ብር ሆኖ ይገኛል። ከዓመት እስከ ዓመት የሚገዛው የቀረው ሰው ስለሆነ፣ በመጀመሪያ ዓይን ውድ የመሰለው እንግዳ በእርግጥ በግማሽ ዋጋ የተገኘ ነው።

ምክንያቱ ለዚህ አገር ሰው የተሰወረ አይደለም። ሀዲይሳና ከምባቲሳ የተቀራረቡ ቋንቋዎች ቢሆኑም አንዱን የሚያውቅ ሌላውን እንደ ራሱ አይሰማም። የዱራሜው ተመልካች እንግዳውን ለማየት ይመጣል፤ በማግስቱ ግን የሆሳዕናው ሱቅ በሀዲይሳ ብቻ ሲናገር ሲሰማ ይተወዋል። የጋራ ተመልካች ማነስ ብዙ አዲስ ሰው እንደሚያመጣ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ ቤቶች እንግዳ ለእንግዳ ከሆኑ የመጣው ሰው አይሰነብትም። የጋራ ተመልካች ሲበዛ ደግሞ የመጪው ቁጥር ይቀንሳል፤ የመጣው ግን ቋንቋውንም ዕቃውንም ቀድሞ ስለሚያውቀው ይቀመጣል። ከዚህ የተነሣ ነጋዴው የዱራሜውን ገበያ በእውነት የሚፈልግ ከሆነ፣ እንግዳ ከመጋበዙ በፊት በየሳምንቱ አንድ ዝግጅት በከምባቲሳ ወይም ሁለቱም ወገን በሚሰማው በአማርኛ ለማቅረብ መዘጋጀት ይኖርበታል። ይህን ሳያደርግ የሚከፍለው ገንዘብ የሚያልፍ ሰው ለመቁጠር የሚከፈል ነው።

በዚህ አሠራር ላይ ሁለት ክርክሮች ሊነሡ ይችላሉ፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። አንደኛው የአዘጋጁ ክርክር ነው። «ሰውን እስከ ደጃፍ ማምጣት የእኔ ድርሻ ነው፤ ገብቶ እንዲቀመጥ ማድረግ የባለቤቱ ነው» ይላል። ይህ ትክክል ነው። ስለሆነም ክፍያው በቀረው ሰው ሳይሆን በመጣው አዲስ ሰው፣ መነሻውና የበዓሉ ጭማሪ ተቀንሶ፣ ቢሰላ ፍትሐዊ ይሆናል። የቀረው ሰው ቁጥር የሚያገለግለው ነጋዴው ያንኑ እንግዳ ደግሞ መጋበዝ አለመጋበዙን እንዲወስንበት፣ የራሱንም ቤት እንዲመረምርበት ነው።

ሁለተኛው ክርክር የነጋዴዎች ነው። «ዝግጅቱን አይቶ፣ ቻናሌን ግን ሳይከፍት ቀጥታ ወደ ሱቄ የሚመጣ አለ፤ በደቡብ አፍሪካ ያለ የሀዲያ ልጅም አይቶ ለእናቱ ዕቃ ግዙላት ብሎ ብር ይልካል» ይላሉ። ይህም እውነት ነው፤ ከሆሳዕና አካባቢ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ሰው ብዙ መሆኑን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ይህን የመሰለ ገዢ ዩቲዩብ አይቆጥረውም፤ የሱቁ ደብተር ግን ሊቆጥረው ይችላል። ዝግጅቱ ከመውጣቱ ከአንድ ወር በፊት ጀምሮ ለአዲስ ገዢ ሁሉ «ሱቁን ከየት ሰሙ?» የሚል አንድ ጥያቄ ማቅረብና መልሱን በደብተር ማስፈር በቂ ነው። በቴሌግራም የሚሸጥ ነጋዴም ለእያንዳንዱ እንግዳ የተለየ የመጋበዣ ሊንክ ቢያወጣ፣ በየሊንኩ ስንት ሰው እንደገባ ተለይቶ ይታይለታል። ጥያቄውን ከዝግጅቱ በኋላ ብቻ መጀመር ግን ዋጋ የለውም፤ የሚወዳደርበት መነሻ አይኖርምና።

እንግዲህ ውል ሲጻፍ የዕይታ ብዛት ለክፍያ መሠረት መሆኑ ሊቀር ይገባል። ክፍያው በሁለት ቢከፈል፣ ግማሹ ዝግጅቱ በወጣ ዕለት፣ ግማሹ ደግሞ 28 ቀን ካለፈ በኋላ ተጣርቶ በተገኘው አዲስ ተመልካች ልክ ቢሆን፣ ሁለቱም ወገኖች አይጎዱም። ለዚህም በውሉ ላይ ከዝግጅቱ በፊት ያሉት የስምንት ሳምንታት ቁጥሮች፣ ያለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንታትና ሁለቱ የመቶ ሰው ጥያቄዎች ውጤት አብረው ይያያዙ። ነጋዴው የራሱን የስታቲስቲክስ ገጽ ለአዘጋጁ ለማሳየት መስማማት አለበት፤ አዲሱ ተመልካች የሚታየው በነጋዴው ገጽ ላይ ነውና፣ ይህን የሚደብቅ ነጋዴ አዘጋጁን በዕይታ ብዛት አስከፈለኝ ብሎ ሊወቅስ አይችልም።

የሚቀጥለው መስከረም ከመድረሱ በፊት መነሻውን ለመጻፍ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ደብተሩን መክፈት ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ያልተጻፈ ቁጥር በመስቀል ማግስት በሚደረግ ክርክር ሊተካ አይችልም።